ሲኒውን ሳይሆን ዱቄቱን እንቁጠር



ፈተና በተቃረበ ቁጥር በዶርማችንም በመስጂዳችን በረንዳም አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ በቀን ስንት ሲኒ ቡና ነው ጤናማ የሚባለው? አንዱ «ከሁለት አይለፍ» ይላል። ሌላው «እናቴ ዘጠኝ ሲኒ ጠጥታ ትውላለች፣ ምንም አልሆነችም» ብሎ ይከራከራል። ሦስተኛው ከስልኩ ላይ «አራት ኩባያ» የሚል ነገር አንብቦ ይመጣል። ክርክሩ አንድም ቀን ሲቋጭ አላየንም። የማይቋጨው ተከራካሪዎቹ ስላላወቁ አይመስለንም፤ ሁሉም በየራሱ ሲኒ ስለሚለካ ነው።

የእኛ አቋም ይህ ነው፦ ሲኒ የቡና መጠጫ እንጂ የካፌይን መለኪያ አይደለም። ሰውነታችን የሚቆጥረው ሚሊግራም ነው፤ ሚሊግራሙን የሚወስነው ደግሞ ጀበናው ውስጥ የገባው የቡና ዱቄትና ለስንት ሰው እንደተከፈለ ነው። ይህን ከያዝን እናታችንም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፣ ከእሳቸው ያነሰ ሲኒ የጠጣው ልጃቸውም ከልክ ያለፈ ሊሆን ይችላል።

400 ከየት መጣ?

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ልክ በቀን 400 ሚሊግራም ካፌይን ነው። የአውሮፓ ኅብረት የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምገማ፣ ጤናማ አዋቂ ሰው ቀኑን ሙሉ ከፋፍሎ እስከ 400 ሚሊግራም ቢወስድ ለጤናው የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ ደምድሟል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም የሚጠቅሰው ይህንኑ ቁጥር ነው። በአንድ ጊዜ የሚወሰደው ግን ሌላ ልክ አለው፤ እሱም 200 ሚሊግራም ነው።

ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ሒሳብ ብዙዎቻችን አናነበውም። የአውሮፓው ግምገማ 400ን ያሰላው 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ይዞ ነው። በኪሎ ሲከፈል በቀን 5.7 ሚሊግራም ገደማ፣ በአንድ ጊዜ ደግሞ 3 ሚሊግራም ገደማ ይመጣል። ከመካከላችን 70 ኪሎ የሚሞላ ስንት ሰው አለ? 55 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ በዚሁ ስሌት ቢሄድ የቀን ልኩ 310 ሚሊግራም ገደማ፣ የአንድ ጊዜው ደግሞ 165 ገደማ ይሆናል። 50 ኪሎ የምትመዝን እህት ከ285 ባትዘል ይሻላታል።

ቁጥሩ እስከዚያ ድረስ ጠጡ የሚል ምክር አይደለም። ጤናማ የሆነ ሰው ሊሰጋ የሚገባው ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ለማለት ነው። በሰዎች መካከል ትልቅ ልዩነት አለና በ150 እጁ የሚንቀጠቀጥም አለ።

አንድ ግራም ቡና ውስጥ ምን አለ?

አገራችን የምታመርተው ቡና ዐረቢካ ነው። ከዐረቢካ ፍሬ ክብደት ውስጥ ካፌይኑ 1.2 በመቶ ገደማ ነው፤ ይህ ማለት በአንድ ግራም ዱቄት ውስጥ 12 ሚሊግራም አለ ማለት ነው። እንደ ዝርያውና እንደ አበቃቀሉ አንዳንዱ ወደ 10፣ አንዳንዱ ወደ 15 ሊጠጋ ይችላል። ለዕለት ሒሳባችን ግን 12 ይበቃናል። ሮቡስታ የሚባለው ሌላው የቡና ዓይነት ወደ እጥፍ የሚጠጋ ካፌይን ይይዛል። ከውጭ በሚገቡ የፈጣን ቡና ከረጢቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እሱ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት የተለመዱ ግምቶች መታረም አለባቸው። የመጀመሪያው ቡና አጥቁሮ ሲቆላ ኃይሉ ይጨምራል የሚለው ነው። ቁሌቱ ጣዕሙንና ሽታውን እንጂ ካፌይኑን ብዙም አይነካውም፤ በክብደት ከተለካ ነጣ ብሎ የተቆላውና የጠቆረው ተቀራራቢ ናቸው። ሁለተኛው ምሬትን የካፌይን ምልክት አድርጎ ማየት ነው። ካፌይን ራሱ መራራ ቢሆንም ከቡና ምሬት ውስጥ የእሱ ድርሻ ትንሹ ነው፤ አብዛኛው የሚመጣው በቁሌቱ ጊዜ ከሚፈጠሩ ሌሎች ነገሮች ነው። ስለዚህ «ቀላል ነው፣ አይመርም» ተብሎ የቀረበልን ቡና ከመራራው እኩል ካፌይን ሊኖረው ይችላል። ምላስ እዚህ ላይ ምስክር አይሆንም።

የጥሊሊው ጀበና

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። በእረፍት ጊዜ ጥሊሊ ውስጥ በአንድ ቤት የተፈላ ቡና በትንሽ የኤሌክትሮኒክ ሚዛንና በግማሽ ሊትር የውሃ ጠርሙስ ለክተናል። ለስድስት ሰው የተወቀጠው ቡና 40 ግራም ነበር፤ በሾርባ ማንኪያ ስምንት ገደማ ይሆናል። ጀበናው የያዘው ውሃ 600 ሚሊ ሊትር፣ አንዱ ሲኒ የሚይዘው ደግሞ 75 ሚሊ ሊትር ነው። ካፌይኑን የምንለካበት መሣሪያ ስለሌለን ከዚህ በታች ያለው ስሌት ነው። ይሁን እንጂ ከእውነቱ ብዙ እንዳይርቅ የሚያደርግ ምክንያት አለው።

በ40 ግራም ውስጥ ያለው ካፌይን 40 ሲባዛ በ12፣ ማለትም 480 ሚሊግራም ነው። ካፌይን በሙቅ ውሃ በቀላሉ ይሟሟል። ጥሊሊን በመሰለ ደጋ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ በ92 ገደማ ይፈላል፤ ግን ይህም ቢሆን ለካፌይኑ ከበቂ በላይ ነው። ዱቄቱ ደቅቆ ተወቅጦ ጀበናው ሲንተከተክ ቆይቶ ከወጣ፣ ካፌይኑ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ውሃው ገብቷል ብለን ልንይዝ እንችላለን።

ታዲያ ሁሉም ካፌይን በአቦሉ ካለቀ ቶና ውስጥ ምን ይቀራል? መልሱ ያለው ጀበናው ውስጥ በሚቀረው ውሃ ነው። ስድስት ሲኒ ሲቀዳ 450 ሚሊ ሊትር ይወጣል። ቀሪው 150 ከፊሉ በአተላው ተመጥጦ፣ ከፊሉ አተላው እንዳይወርድ ተብሎ ከታች ይቀራል። ከ600 ውስጥ 150 ሩብ ነው። ስለዚህ ከካፌይኑም ሩቡ ጀበናው ውስጥ ይቀራል፤ ሦስት አራተኛው ወደ ሲኒዎቹ ይሄዳል።

እንግዲህ አቦል ሲቀዳ ከ480ው 360 ሚሊግራም ይወጣል፤ ለስድስት ሲከፈል ለእያንዳንዱ ሲኒ 60 ይደርሳል። ጀበናው ውስጥ 120 ቀርቷል። ውሃ ተሞልቶ ቶና ሲፈላ ከዚህ 120 ሦስት አራተኛው፣ ማለትም 90 ይወጣል፤ ለአንድ ሲኒ 15 ነው። የቀረው 30 ነው። በረካ ከዚህ ላይ 22 ገደማ ትወስዳለች፤ ለአንድ ሲኒ 4 ሚሊግራም ብትደርስ ነው።

ሦስቱን ስንደምር 60 ሲደመር 15 ሲደመር 4፣ 79 ሚሊግራም ይመጣል። ሦስት ሲኒ ሙሉ ሥነ ሥርዓቱን ጠብቆ የጠጣ ሰው ያገኘው ይህን ነው። ስሌቱ ላይ ብንሳሳት እንኳ ጣሪያው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ምክንያቱም ጀበናው ውስጥ ከገባው 480 በላይ ከየትም አይመጣም፣ እሱም ለስድስት ሲካፈል 80 ነው። ዱቄቱ የሚቆጠርበት ጥቅሙ ይህ ነው፤ ቡናው ስንት ጊዜ እንደፈላ ሳናውቅ ጣሪያውን እናውቃለን።

መድረሳ ለተማርነው የሦስቱ ሲኒዎች ስምም የሚነግረን ነገር አለው። አቦል ከዐረብኛው «አወል»፣ ከመጀመሪያው፣ እንደመጣ ይነገራል፤ በረካም ያቺው የምናውቃት በረካ ናት። አባቶቻችንና እናቶቻችን ሚዛን ሳይዙ የዘረጉት ሥርዓት የመጀመሪያውን ብርቱ፣ የመጨረሻውን ደግሞ ከምርቃት በቀር ብዙ የሌለበት አድርጎታል። በረካ የማንንም እንቅልፍ አትነሳም።

የእናት ዘጠኝ፣ የልጅ ስምንት

አሁን በመግቢያችን የጠቀስነውን ክርክር እንፍረደው። እናት በቀን ሦስት ጊዜ ቡና ያፈላሉ፤ ጠዋት፣ ከቀትር በኋላና አመሻሽ ላይ። በእያንዳንዱ ጊዜ ሦስቱንም ይጠጣሉ። ዘጠኝ ሲኒ ነው። ከላይ ባለው ጀበና ሒሳብ 3 ሲባዛ በ80፣ 240 ሚሊግራም ነው። ከ400 በብዙ ያነሰ ነው፤ በዚያ ላይ በአንድ ጊዜ ከ80 አያልፍም። እናትን «ቡና አበዙ» ብሎ መውቀስ ትክክል አይደለም።

ልጃቸው ግቢ ውስጥ ነው። ጠዋት ከክፍል በፊት አንድ ማኪያቶ፣ ከምሳ በኋላ ሌላ ማኪያቶ ይጠጣል። ማሽኑ ለአንድ ማኪያቶ 8 ግራም ገደማ ዱቄት ይጠቀማል፤ ውስጡ ያለው 96 ሚሊግራም ሲሆን ውሃው በሰከንዶች ውስጥ አልፎ ስለሚወርድ ሁሉንም አያወጣውም፤ 70 ገደማ ብንል ይበቃል። ወተቱ ያቀጥነዋል እንጂ አይቀንሰውም። ነጣ ያለ ማኪያቶም ጠቆር ያለ ማኪያቶም ከአንድ መጠን ቡና እስከተሠሩ ድረስ ካፌይናቸው አንድ ነው። ሁለቱ ማኪያቶ 140 ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ከበሩ ውጭ ካሉት የጀበና ቡና መሸጫዎች ጋ ይቀመጣል። ከአንዷ ዘንድ አንድ ሲኒ፣ ጓደኛ ሲመጣ ሌላ ዘንድ አንድ፣ ማታ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሲሄድ ደግሞ አንድ። እሱም እንደ እናቱ «ሦስት ሲኒ» ይላል። ልዩነቱ የት እንዳለ ልብ በሉ፤ እዚህ ሦስቱም አቦል ናቸው። መሸጫው ላይ ሰው የሚከፍለው ለብርቱው ቡና ስለሆነ ቶናና በረካ ተከትለው አይመጡም። ሦስት ሲባዛ በ60፣ 180 ሚሊግራም። የቤቱ ሦስት ሲኒ 80፣ የመንገዱ ሦስት ሲኒ 180።

ሌሊት ዶርም ውስጥ አንድ ከረጢት ፈጣን ቡና በሙቅ ውሃ ይበጠብጣል። ሁለት ግራም የምትመዝን ከረጢት 60 ሚሊግራም ገደማ አላት፤ ፈጣን ቡና የደረቀ የቡና ጭማቂ እንጂ ዱቄት ስላልሆነ የ12ቱ ስሌት ለእሷ አይሠራም። በምግብ ሰዓት የጠጣቸው ሁለት ብርጭቆ ሻይ በትንሹ 30፣ 30 ይጨምራሉ።

እንደምር፦ 140፣ 180፣ 60 እና 60፤ ጠቅላላው 440 ሚሊግራም። ስምንት መጠጥ ነው፤ ከእናቱ በአንድ ያንሳል። ካፌይኑ ግን ወደ እጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረው። ተማሪው 55 ኪሎ ከሆነ ደግሞ ለክብደቱ ከሚገባው ልክ በ130 አልፏል። በዚያ ላይ 250 ሚሊ ሊትር የኃይል ሰጪ መጠጥ ቢጨምርበት ሌላ 80 ገደማ፣ ኮካ ቢጠጣበት 40 ገደማ ይጨምራል።

ስለዚህ «እናቴ ከእኔ የበለጠ ትጠጣለች» የሚለው ክርክር በሲኒ እውነት፣ በሚሊግራም ሐሰት ነው።

ከመጠኑ እኩል ሰዓቱ

ልኩን ያላለፈ ሰውም በሰዓቱ ሊጎዳ ይችላል፤ ለተማሪ ደግሞ ዋናው ጉዳት የሚመጣው በዚህ በኩል ነው ብለን እናምናለን።

ነቅተን በቆየን ቁጥር በአንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ነገር ይጠራቀማል፤ ከመቀበያዎቹ ጋር ሲገናኝ እንቅልፍ ይጫነናል። ካፌይን የሚሠራው እነዚያን መቀበያዎች ቀድሞ በመያዝ ነው። ድካሙን አያስወግደውም፤ እንዳይሰማን ብቻ ይጋርደዋል። አዴኖሲኑ ከኋላው መከማቸቱን አይተውም።

ካፌይን ከጠጣነው በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ በደማችን ውስጥ ከፍተኛ መጠኑ ላይ ይደርሳል። የሚወጣው ግን ቀስ ብሎ ነው። በአብዛኛው ጤናማ ሰው ዘንድ ግማሹ እስኪወገድ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ የቀረው ግማሽም እንደገና እስኪጋመስ ሌላ 5 ሰዓት።

በማታ የቂርዓት ፕሮግራማችን እንየው። ከዒሻ በኋላ፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ሁለት አቦል ተጠጣ እንበል፤ 120 ሚሊግራም ነው። ተማሪው ማታ 5 ሰዓት ላይ ሲተኛ 80 ገደማው ገና ውስጡ ነው፤ ሙሉ የቤት ቡና አሁን ጠጥቶ እንደተኛ ይቆጠራል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ 60፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ 30 ይቀረዋል። ለፈጅር ሲነሳ እንቅልፉ ያልጠገበ፣ ራሱ የከበደ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የድካሙን መድኃኒት በማኪያቶ ይጀምራል፤ ዙሩ ይቀጥላል።

እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ ፈትኗል። 400 ሚሊግራም ካፌይን ከመኝታ 6 ሰዓት ቀደም ብሎ እንኳ ሲወሰድ የሌሊቱን እንቅልፍ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀንሶታል። የአውሮፓው ግምገማም ከ100 ሚሊግራም ጀምሮ ለመኝታ ሲቃረብ ከተወሰደ የእንቅልፍን ርዝመትና ዓይነት ሊነካ እንደሚችል ያነሳል። «እኔ ቡና ጠጥቼ ነው የምተኛው» የሚል ወንድም እንቅልፍ ይወስደው ይሆናል፤ ግን ሌሊት ስንት ጊዜ እንደባነነና እንቅልፉ ምን ያህል ጥልቅ እንደነበር ራሱ አያውቀውም።

ያው ሁለት አቦል ከዐስር በኋላ 10 ሰዓት ላይ ቢጠጣ፣ ማታ 5 ሰዓት ላይ የሚቀረው 45 ገደማ ነው። ቡናው አልተቀነሰም፤ ሰዓቱ ብቻ ተቀየረ።

ቡና ለሌሊት ዒባዳ ሲረዳ መኖሩን አንክድም። በየመን በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሱፍዮች ለሌሊት ዚክር ነቅተው ለመቆየት ይጠጡት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1511 መካ ውስጥ ቡና ሲከለከልም ክርክሩ ያተኮረው በባሕርዩ ላይ፣ ማለትም ያሰክራል ወይስ አያሰክርም በሚለው ላይ ነበር፤ ክልከላውም ብዙ አልቆየም። ያ ጥያቄ ለእኛ የተዘጋ ነው። ለእኛ ያልተዘጋው የመጠኑና የሰዓቱ ጥያቄ ነው። ሌሊት ለመቆም ጠጥቶ ፈጅር የሚያልፈው ሰው ቡናውን ያላግባብ ተጠቅሞበታል።

ልኩ ለማን አይሠራም?

400 የተባለው ለጤናማ አዋቂ ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የምታጠባ እህት በቀን ከ200 ሚሊግራም ማለፍ የለባትም፤ በእርግዝና ጊዜ ካፌይኑ ከሰውነት ለመውጣት ከወትሮው እጅግ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የምትወስድ ሴትም ካፌይኑ በእጥፍ ገደማ ይቆይባታል። ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለው የተለመደ አንቲባዮቲክ የካፌይንን መወገድ ያዘገያል፤ ስለዚህ ይህን መድኃኒት የታዘዘለት ሰው የዘወትር ቡናው በድንገት «የበረታበት» ቢመስለው አይደነቅ፣ መድኃኒቱ እስኪያልቅ ይቀንስ። የልብ ምት መዛባት፣ ከፍተኛ የደም ግፊት ወይም ከባድ ጭንቀት ያለበት ሰው ልኩን ከሐኪሙ መጠየቅ አለበት። ጫት ላይ ቡና የሚደርብ ሰው ደግሞ ሁለት አነቃቂዎችን ስለሚያገናኝ በዚህ ቁጥር ሊተማመን አይችልም።

መብዛቱ በምን ይታወቃል? ልብ ሲመታ ይሰማል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሆድ ይረበሻል፣ ሐሳብ መቀመጥ ያቅተዋል። እነዚህ ከታዩ ያን ቀን ካፌይን አቁሞ ውሃ ጠጥቶ መጠበቅ ነው። ማስታወክ፣ የተዛባ የልብ ምት ወይም የደረት ሕመም ከመጣ ግን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

በድንገት ማቆምም የራሱ ዋጋ አለው። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ካቆመ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራስ ምታት፣ ድካምና ብስጭት ሊጀምረው ይችላል፤ ይህም እስከ ሳምንት ሊዘልቅ ይችላል። በረመዳን የመጀመሪያ ቀናት ከዐስር በኋላ ብዙዎቻችንን የሚይዘን ራስ ምታት ሁሉ ከረሀብ አይደለም፤ ከፊሉ የቡናው ነው። መፍትሔው ሸዕባን ሳያልቅ መጀመር ነው፦ በየሁለትና ሦስት ቀኑ አንድ አቦል በቶና እየተኩ መውረድ።

ለጀመዓችን የምናቀርበው ሐሳብ

ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የቂርዓትና የጥናት ፕሮግራማችን ቡና ከዒሻ በኋላ መቅረቡ ቀርቶ ከዐስር በኋላ ይሁን። ከዐስር በኋላ መምጣት የማይችል ካልሆነ በቀር ማንም የሚጎዳበት ነገር የለም።

ሁለተኛ፣ የጀመዓው ጀበና በሚዛን ይሠራ። አንድ ጊዜ ተለክቶ ለአንድ ሰው ከ6 እስከ 7 ግራም፣ ማለትም አንድ የሾርባ ማንኪያ ከሩብ ገደማ የሚይዝ ስፍር ቢቀመጥ፣ እያንዳንዱ ተሳታፊ ሦስቱንም ሲኒ ቢጠጣ ከ80 ብዙም አያልፍም። ቡና የሚያፈሉት እህቶችና ወንድሞች በየጊዜው መገመት አይጠበቅባቸውም።

ሦስተኛ፣ አቦል ብቻ ተቀድቶ የሚበተንበት ልማድ ይቅር። ሰዓት የለንም እየተባለ አቦሉ ሁለት ሁለት ሲኒ ይታደላል፤ ለዚህም ሲባል ጀበናው ላይ ዱቄት ይጨመራል። ቶናና በረካ ባሉበት ሰው ብዙ ሲኒ ይይዛል፣ ብዙ ይጫወታል፣ ካፌይኑ ግን ጥቂት ነው።

«ፈተና ሲሆንስ?» የሚል ተቃውሞ እንደሚመጣ እናውቃለን፤ ከጓደኞቻችን ጋር ስንወያይ የሰማነውም ይህንኑ ነው። ነቅቶ ማጥናት ግድ የሆነበት ቀን ይኖራል። በዚያ ቀን 180ውን አንድ ላይ ከመጠጣት 60፣ 60 እያሉ በየ3 እና 4 ሰዓቱ ከጠዋት ጀምሮ መከፋፈል፣ የመጨረሻዋንም ከ10 ሰዓት አለማሳለፍ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ጓደኛ ቡና ቢጋብዝ «አቦሉን ለእናንተ፣ እኔ በረካዋን ልጠብቅ» ማለት ነውር አይደለም።

ለራሳችን ደግሞ ማስታወስ ያለብን ሒሳብ አጭር ነው፦ ጀበናው ውስጥ የገባውን ግራም በ12 አባዙ፣ ለጠጪዎቹ ቁጥር አካፍሉ። የወጣው ቁጥር የእናንተ ድርሻ ጣሪያ ነው። ከጀበና ቡና ሻጯ ዘንድ ስትቀመጡ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «እናቴ፣ አቦል ነው ቶና?»